ከኋላ የሚከተልና ቀድሞ የሚጠብቅ፦ የስላይዲንግ ስኬል ኢንሱሊን ታሪክና የዋርድ ነርስ ድርሻ

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ በነርሲንግ ትምህርት ክፍል የተሰጠ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ነው። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በሕመምተኛው ካርድ ላይ በጥቂት መስመሮች ትጻፋለች። የደም ስኳሩ ከ151 እስከ 200 ከሆነ 2 ዩኒት ሬጉላር ኢንሱሊን፤ ከ201 እስከ 250 ከሆነ 4፤ ከ251 እስከ 300 ከሆነ 6፤ ከ301 እስከ 350 ከሆነ 8፤ ከዚያ በላይ ከሆነ 10 ሰጥቶ ሐኪም መጥራት። ከ150 በታች ከሆነ ደግሞ ምንም። ዋርዱ በተለምዶ «ስላይዲንግ ስኬል» ይላታል።

ይህች ሠንጠረዥ ብዙ መድኃኒቶችና ብዙ መሣሪያዎች ሲያልፉ አላለፈችም። ከየት እንደመጣች፣ ስለምን ይህን ያህል እንደቆየች፣ በምን እንድትተካ እንደተፈለገና ተተኪው ዘዴ ከነርሷ ምን እንደሚጠይቅ በቅደም ተከተል አወራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የደም ስኳር መጠኖቹም በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በእኛው አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከሽንት የተወለደች ሠንጠረዥ

ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በጥር 1922 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ነው። ተቀባዩ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ለግኝቱ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ጆን ማክላውድ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በዚያን ጊዜ የነበረው ኢንሱሊን ዛሬ ሬጉላር የምንለው አጭር ጊዜ የሚሠራ ዐይነት ብቻ ነው። ስለዚህ በቀን ውስጥ ደጋግሞ መውጋት ግዴታ ሆነ፤ ደጋግሞ መውጋት ደግሞ ደጋግሞ መለካትን ይጠይቃል። ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። የደም ስኳርን በቤተ ሙከራ መለካት ረጅም ሰዓት የሚፈጅና ብዙ ደም የሚፈልግ ሥራ ስለነበር በአልጋ አጠገብ የሚለካው ሽንት ነው።

የሽንት ምርመራው በቤኔዲክት ፈሳሽ ይካሄድ ነበር። 5 ሚሊሊትር ከሚሆነው ሰማያዊ ፈሳሽ ላይ 8 ጠብታ ሽንት ይጨመርና ለአምስት ደቂቃ ያህል ይፈላል። ስኳር ከሌለ ሰማያዊነቱ ይቀራል፤ ጥቂት ካለ ወደ አረንጓዴ፣ ሲጨምር ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካናማ፣ በመጨረሻም ወደ ጡብ ቀይ ይለወጣል። ነርሷ ቀለሙን ታያለች፤ በቀለሙም ልክ ኢንሱሊን ትወጋለች። ቀይ ከሆነ 15 ዩኒት፣ ብርቱካናማ ከሆነ 10፣ ቢጫ ከሆነ 5፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ምንም፣ የሚል ዐይነት ትእዛዝ ማለት ነው። የስላይዲንግ ስኬል እናት ይህች የቀለም ሠንጠረዥ ናት። የሕክምና ጽሑፎች አጀማመሯን በ1934 ገደማ ከቦስተኑ ሐኪም ከኤልየት ጆስሊን ጋር ያያይዙታል። ጆስሊን ነርሶችን የስኳር ሕመም አስተማሪ አድርጎ በማሰልጠንም የሚታወስ ሰው ነው።

ሠንጠረዧ በተወለደችበት ዘመን ሞኝነት አልነበረችም። ሕመምተኛው በኪቶአሲዶሲስ ተይዞ፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ወይም ከባድ ኢንፌክሽን ይዞት የሚተኛበት ጊዜ ነበር። የስኳሩ መጠን ከሰዓት ሰዓት የሚዋዥቅ፣ በእጅ ያለው መድኃኒትም አንድ ብቻ ስለነበር በየጥቂት ሰዓቱ እያዩ መስጠት የተሻለው አማራጭ ነው። ነገር ግን ሽንት ሁለት ነገሮችን ሊናገር አይችልም። አንደኛ፣ ሽንት የሚናገረው ስላለፈው ነው። በፊኛ ውስጥ የተጠራቀመው ባለፉት ሰዓታት የወረደው ስለሆነ ቀይ ቀለም የሚያሳየው አሁን ያለውን ስኳር ሳይሆን ቀደም ሲል የነበረውን ነው። ሁለተኛ፣ ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት የሚያፈስሰው የደም ስኳር ከ180 ገደማ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ቀለም ማለት የደም ስኳሩ 170 ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ 40 ነው ማለትም ሊሆን ይችላል። ሠንጠረዧ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ የደም ስኳር ማነስን የማየት ዐይን አልነበራትም።

መሣሪያው ሲለወጥ ሠንጠረዧ ቀረች

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለታሪክ ተመራማሪ የሚያስገርም ነው። በ1936 የዴንማርኩ ሐንስ ክርስቲያን ሐገዶርን ኢንሱሊንን ፕሮታሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር በማዋሐድ የሥራ ጊዜውን አራዘመ። በ1940ዎቹ ኤንፒኤች ተሠራ፤ ስሙም ውስጥ የሐገዶርን ስም የመጀመሪያ ፊደል አለበት። በ1965 አሜስ የተባለው ኩባንያ አንዲት የደም ጠብታ የሚለካ ወረቀት አወጣ፤ በ1970 ደግሞ የወረቀቱን ቀለም የሚያነብ መሣሪያ አስከተለ። በ1980ዎቹ ግሉኮሜትር ወደ ዋርዶች ገባ፤ በጣት ጫፍ ደም በደቂቃዎች ውስጥ እውነተኛውን መጠን ማወቅ ተቻለ።

እንግዲህ ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን ተገኘ፤ የአሁኑን ስኳር የሚናገር መሣሪያም ተገኘ። ሠንጠረዧን የወለዱት ሁለቱ ችግሮች ተፈቱ ማለት ነው። ሠንጠረዧ ግን አልሄደችም። ቀለሞቹ ተፍቀው በቁጥሮች ተተኩና በቦታዋ ቀጠለች። ከሽንት ዘመን የወረሰቻቸውን ሁለት ጠባዮችም ይዛ ቀረች። አንዱ፣ ከታች ያለው «ምንም» የሚለው መስመር ነው፤ ሰማያዊው ቀለም በቁጥር ተጽፎ ነው። ሁለተኛው፣ ሕመምተኛው ሊበላ ነው ወይስ አይበላም ብላ አለመጠየቋ ነው።

ስለምን ቆየች? አንዱ ምክንያት ምቹነቷ ነው። ሐኪሙ በገቡበት ቀን አንድ ጊዜ ይጽፋታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሌሊት አይቀሰቅሰውም። ሌላው ምክንያት ፍርሃት ነው። ቋሚ ኢንሱሊን ታዝዞለት ሕመምተኛው ምግብ ቢያቋርጥ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ስኳሩ ከፍ ካለ በኋላ ብቻ መስጠት ግን ከዚህ አደጋ የሚጠብቅ ይመስላል። ይህ ፍርሃት ተራ አይደለም፤ በኋላ እንደማሳየው ማስረጃም አለው።

በ1997 ዊሊያም ክዊልና ባልደረቦቹ በአንድ የአሜሪካ ሆስፒታል የተኙ 171 የስኳር ሕመምተኞችን መዝገብ ተከታትለው ጽፈው ነበር። ከሕመምተኞቹ 76 በመቶ የሚሆኑት ስላይዲንግ ስኬል ታዝዞላቸዋል። ከጠቅላላው 40 በመቶው ስኳራቸው በጣም ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ 23 በመቶው ደግሞ ስኳራቸው ወርዶ ተገኝቷል። ስላይዲንግ ስኬል ብቻውን፣ ያለ ቋሚ ኢንሱሊን፣ በታዘዘበት ቦታ ከፍተኛ ስኳር የመከሰቱ ዕድል ሦስት እጥፍ ያህል ነበር።

የአንዲት ሕመምተኛ ቀንና ሌሊት

ይህ እንዴት እንደሚሆን በምሳሌ እንየው። ሕመምተኛዋን ለማስረዳት ያህል ያሰብኳት ናት፤ ካርዷ ግን ለማናችሁም እንግዳ አይሆንም። የ58 ዓመት እናት፣ ክብደታቸው 60 ኪሎ፣ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ በቤታቸው እንክብል የሚወስዱ፣ በሳንባ ምች የተኙ ናቸው እንበል። ሲገቡ የደም ስኳራቸው 264 ነበር። እንክብሉ ቆሞ መጀመሪያ ያነበብኩላችሁ ሠንጠረዥ ታዘዘላቸው፤ ልኬቱም ከጧቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንዲሆን ተጻፈ።

ጧት 12 ሰዓት ላይ 146 ተገኘ። ሠንጠረዧ «ምንም» ትላለች። ነርሷ ትእዛዙን ፈጸመች። እናታችን ዳቦና ስኳር ያለበት ሻይ ቁርስ አደረጉ፤ ለዚያ ምግብ የሚሆን አንዲት ዩኒት ኢንሱሊን ግን አልተሰጣቸውም። ቀን 6 ሰዓት ላይ 284 ሆነ፤ 6 ዩኒት ተወጉ። ይህ 6 ዩኒት ለቁርሱ የዘገየ ቅጣት ነው፤ ሊመጣ ላለው ምሳ የታሰበ አይደለም። ምሽት 12 ሰዓት ላይ 322፤ 8 ዩኒት። እራት ሲመጣ ሕመም ስለተሰማቸው ሁለት ጉርሻ ብቻ ቀመሱ። ይህን በካርዱ ላይ የጻፈ የለም፤ ሠንጠረዧም አልጠየቀችም። ምሽት 4 ሰዓት ላይ 308፤ ዳግመኛ 8 ዩኒት። ከዚያ ተኙ።

ሬጉላር ኢንሱሊን ከቆዳ ሥር ሲወጋ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጀምራል፤ ኃይሉ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ ይጠነክራል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስም ይቆያል። ምሽት 4 ሰዓት ላይ ሁለተኛው 8 ዩኒት ሲወጋ የመጀመሪያው 8 ገና ሥራውን አልጨረሰም ነበር። ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁለቱ ተደራረቡ፤ በሆድ ውስጥ ደግሞ ምግብ የለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሌሊት ተረኛዋ እናታችንን በላብ ርሰው፣ ቃላቸው ተሳስሮ አገኘቻቸው። ልኬቱ 52 ነበር። ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣቻቸው፤ ተመለሱ። ጧት 12 ሰዓት ላይ 138 ሆነ። ሠንጠረዧ እንደገና «ምንም» አለች፤ ቁርስም ያለ ኢንሱሊን ቀረበ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ነርሷ አንድም ትእዛዝ አላፈረሰችም። እያንዳንዱ ልኬት በሰዓቱ ተደርጓል፣ እያንዳንዱ መጠን በትክክል ተወግቷል። ስሕተቱ ያለው በሠንጠረዧ አሠራር ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ በሃያ አራት ሰዓት የተሰጠው ኢንሱሊን ጠቅላላ ድምር 22 ዩኒት ነው። በ60 ኪሎ ሰው ላይ ይህ የበዛ መጠን አይደለም። ጉዳቱን ያመጣው የመጠኑ ብዛት ሳይሆን የመጠኑ አሰላለፍ ነው፤ ምግብ በነበረበት ጧት ባዶ፣ ምግብ በሌለበት ሌሊት 16 ዩኒት።

ቀድሞ የሚጠብቀው ዘዴ

ጤነኛ ጣፊያ፣ ማለትም ፓንክሪያስ፣ ኢንሱሊንን የሚያወጣው በሁለት መንገድ ነው። ሰው ሳይበላም ጉበት የሚለቅቀውን ስኳር ለመግታት ቀንና ሌሊት ቀስ እያለ ያፈስሳል፤ ምግብ ሲገባ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከፍ አድርጎ ይለቃል። ቤዛል-ቦለስ የሚባለው አሰጣጥ ይህን ለመምሰል የሚሞክር ነው። ቤዛሉ የጾሙን ሰዓት ይሸፍናል፤ ቦለሱ ደግሞ የእያንዳንዱን ምግብ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቶሎ የሚሠሩት፣ በ2000 ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ ያለ ጉልህ ከፍታ የሚሠራው ግላርጂን ሥራ ላይ ሲውሉ ይህን መምሰል ቀለለ።

ሁለቱን ዘዴዎች ፊት ለፊት ያወዳደረው ታዋቂ ጥናት በ2007 ወጣ። በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲው በጊየርሞ ኡምፒየሬዝ የተመራው ይህ ጥናት «ራቢት 2» ተብሎ ይጠራል። ቀደም ሲል ኢንሱሊን ወስደው የማያውቁ፣ ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸው 130 የውስጥ ደዌ ሕመምተኞች በዕጣ ተከፈሉ። ስኳራቸው ከ140 በታች ወደሆነ መጠን የደረሰው በቤዛል-ቦለስ 66 በመቶ፣ በስላይዲንግ ስኬል 38 በመቶ ነበር። ስኳሩ ከ60 በታች የወረደበት ሕመምተኛ በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ብቻ ነበር።

የጥናቱ አሰላል ለምሳሌያችን ይጠቅመናል። ሲገቡ ስኳራቸው ከ200 በላይ የሆኑት በቀን በኪሎ 0.5 ዩኒት፣ ከ140 እስከ 200 የሆኑት 0.4 ዩኒት ይጀምሩ ነበር። እናታችን 264 ይዘው ስለገቡ 60 በ0.5 ሲባዛ 30 ዩኒት ይሆናል። ግማሹ፣ 15 ዩኒት፣ በቀን አንድ ጊዜ በቤዛልነት ይሰጣል። ቀሪው 15 ለሦስቱ ምግቦች ይካፈልና በየምግቡ 5 ዩኒት ይሆናል። ጧት 146 ሲገኝ እንግዲህ መልሱ «ምንም» አይደለም፤ ቁርስ ሊመጣ ስለሆነ 5 ዩኒት ይሰጣል። ምሳ ሰዓት ላይ ስኳሩ ከፍ ብሎ ከተገኘ በ5ቱ ላይ ጥቂት ማረሚያ ይጨመራል። አሮጌዋ ሠንጠረዥ ተገቢ ቦታዋን የምታገኘው እዚህ ነው። ማረሚያ ሆና በቋሚው መጠን ላይ ትደመራለች፤ ብቻዋን ግን ሕክምና አትሆንም።

ፔንዱለሙና የማነስ አደጋ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር፤ ሆኖም አያበቃም። በ2001 በቤልጅየም፣ በሉቨን ከተማ ግሪት ቫን ደን በርግ የመራችው ጥናት በቀዶ ሕክምና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስኳርን ከ80 እስከ 110 ባለው ጠባብ መስመር መያዝ ሞትን ከ8 ወደ 4.6 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ዓለም በሙሉ ስኳርን ወደ ታች ለመጫን ተነሣ። በ2009 ግን ከ6000 በላይ ጽኑ ሕሙማንን ያካተተው «ናይስ-ሹገር» የተባለው ጥናት ተቃራኒውን ተናገረ። በጠባቡ መስመር ከተያዙት በዘጠና ቀን ውስጥ 27.5 በመቶው ሞቱ፤ በልከኛው ከተያዙት 24.9 በመቶው። ስኳሩ 40ና ከዚያ በታች የወረደበት ሕመምተኛ በጠባቡ ወገን 6.8 በመቶ ሲሆን በሌላው 0.5 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብዙዎቹ ተኝተው ለሚታከሙ ሕሙማን ግቡ ከ140 እስከ 180 ባለው አካባቢ ሆነ።

በተራ ዋርድም ቢሆን ቤዛል-ቦለስ ያለ ዋጋ አልመጣም። በ2011 የእነ ኡምፒየሬዝ ሁለተኛ ጥናት ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን 211 ሰዎች ተከታተለ። የቁስል ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የኩላሊት ድካምና የመሳሰሉት ጠንቆች በስላይዲንግ ስኬል ወገን 24.3 በመቶ፣ በቤዛል-ቦለስ ወገን 8.6 በመቶ ሆኑ። ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። ነገር ግን ስኳራቸው ከ70 በታች የወረደባቸው በቤዛል-ቦለስ 23.1 በመቶ ሲሆኑ በስላይዲንግ ስኬል 4.7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

እነዚህን ሁለት ጥንድ ቁጥሮች አብረን ማንበብ አለብን። የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ ሰው አዲሱ ዘዴ ደኅና ነው ብሎ ይዘናጋል፤ ሁለተኛውን ብቻ ያነበበ ደግሞ ወደ አሮጌዋ ሠንጠረዥ ይመለሳል። እኔ እንደማነበው ልዩነቱ በአደገኛና በአስተማማኝ መካከል አይደለም። ስላይዲንግ ስኬል ከሆነው ነገር ኋላ ይከተላል። ቤዛል-ቦለስ ደግሞ ይሆናል ከተባለው ነገር ይቀድማል፤ ሕመምተኛው ይበላል ብሎ አስቀድሞ ይወጋል። የሚቀድም ነገር ሁሉ ያሰበው መፈጸሙን የሚያረጋግጥ ጠባቂ ይሻል። ያ ጠባቂ ዋርድ ውስጥ ነርሷ ናት። ሐኪሙ ምግቡ ሲቀርብ አይገኝም፤ ፋርማሲስቱም አይገኝም።

አደጋው ለሁሉም እኩል አይደለም። ኢንሱሊን ከሰውነት የሚወገደው በከፊል በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ይቆያል። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ኩላሊታቸው በደከመ ሕመምተኞች ላይ በኪሎ 0.5 ዩኒትን ከ0.25 ጋር ሲያወዳድር የስኳር ማነስ ከ30 ወደ 16 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ የስኳር ቁጥጥሩ ግን አልከፋም። ስለዚህ እናታችን የ72 ዓመት ሆነው ኩላሊታቸውም ደክሞ ቢሆን ኖሮ ስሌቱ በ0.3 ይሆናል። 60 በ0.3 ሲባዛ 18 ዩኒት፤ 9 በቤዛል፣ በየምግቡ 3። ይህን ስሌት ማወቅ ለነርሷም ይጠቅማል። የ72 ዓመት ሰው ካርድ ላይ 30 ዩኒት ተጽፎ ስታይ ለመጠየቅ የሚያስችላት ይህ ነው።

በሰሐንና በስሪንጅ መካከል

አሁን ወደ እኛ ዋርዶች እንምጣ። በአገራችን የተለመዱት ደመናማው ኤንፒኤችና ንጹሑ ሬጉላር ናቸው። በእነዚህ ቋሚ ሕክምና መስጠት አይቻልም የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ ይሰማል። በ2009 ኤንፒኤችንና ሬጉላርን በቀን ሁለት ጊዜ የሰጠ ጥናት ከአዲሶቹ ኢንሱሊኖች ጋር አወዳድሮ ነበር፤ በተኙ ሕመምተኞች ላይ በስኳር ቁጥጥርም በስኳር ማነስም ጉልህ ልዩነት አላገኘም። በዚያ አሰጣጥ ከቀኑ መጠን ሁለት ሦስተኛው ጧት፣ አንድ ሦስተኛው ማታ ይሰጣል። ለእናታችን 30 ዩኒት ጧት 20፣ ማታ 10 ማለት ነው፤ እያንዳንዱም ከሁለቱ ዐይነቶች ተቀላቅሎ። ሆኖም ኤንፒኤች ከግላርጂን በአንድ ነገር ይለያል፤ ከተወጋ ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጠነክርበት ከፍታ አለው። የጧቱ ኤንፒኤች ምሳን ይጠብቃል፤ የማታው ደግሞ ሌሊቱን። ምሳ ከዘገየ አደጋው ቀትር ላይ ነው፤ እራት ካልተበላ አደጋው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

በእኛ ዋርዶች ደግሞ ምግብ የሚመጣው ሁልጊዜ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት አይደለም። አስታማሚ ከቤት ያመጣዋል፤ ታክሲ ሲዘገይ ምሳው ይዘገያል። አንዳንዱ ሕመምተኛ በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም ይላል፤ ይህንንም ካልተጠየቀ አይናገርም። ስለዚህ የምግቡን ኢንሱሊን ከመውጋት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ሰዓት ነው?» ሳይሆን «ምግቡ የታለ?» ነው። ሰሐኑ ከአልጋው አጠገብ ካልደረሰ የምግቡ ሬጉላር አይወጋም። ሕመምተኛው መብላቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ሁኔታው ለሐኪም ተነግሮ መጠኑ ይቀነሳል፣ ወይም ቶሎ የሚሠራው ዐይነት ካለ ከበላ በኋላ እንደበላው መጠን ይሰጣል።

ሕመምተኛው ለምርመራ ወይም ለቀዶ ሕክምና እንዳይበላ ሲታዘዝ የምግቡ መጠን ይቆማል፤ ቤዛሉ ግን በዝምታ አይቆምም። ኤንፒኤች ከሆነ በተለምዶ ይቀነሳል፤ ይህም በሐኪም ትእዛዝ ይጻፋል። በተለይ ዓይነት አንድ ባለበት ሰው ላይ ቤዛሉን ፈጽሞ መከልከል ወደ ኪቶአሲዶሲስ ይወስዳል። የመኝታ ሰዓት ማረሚያም እንደ ቀኑ አይሆንም፤ ከኋላው ምግብ ስለሌለ ወይ ይቀነሳል ወይ ይቀራል። የእናታችን ሌሊት ያስተማረችን ይህን ነው።

ስኳሩ ከ70 በታች ሆኖ ከተገኘና ሕመምተኛው መዋጥ ከቻለ 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ፣ በውኃ በጥብጦ መስጠት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሶ መለካት፤ ካልተነሣ መድገም። ራሱን ከሳተ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በደም ሥር 25 ግራም ግሉኮስ ያስፈልገዋል። በእጃችሁ ያለው 40 በመቶው ግሉኮስ ከሆነ ይህ ወደ 60 ሚሊሊትር ገደማ ነው። 20 ሚሊሊትር ብቻ ሰጥታችሁ ከቆማችሁ የሰጣችሁት 8 ግራም መሆኑን አስታውሱ። አረጋውያን ላይ ምልክቱ ላብና መንቀጥቀጥ ላይሆን ይችላል፤ ድንገት ግራ መጋባት ወይም ያለ ሰዓቱ መተኛት ሊሆን ይችላል። የልብ ምትን የሚያቀዘቅዙት የቤታ ብሎከር መድኃኒቶችም መንቀጥቀጡን ይደብቁታል።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስኳሩ ተነሣ፣ ሕመምተኛው ተናገረ፣ ነገሩ አለቀ ተብሎ ይታሰባል። አላለቀም፤ ያንኑ ስኳር ያወረደው ትእዛዝ ጧት በካርዱ ላይ እንደተጻፈ አለ። በራቢት 2 ጥናት ስኳሩ ከ70 በታች የወረደበት ሕመምተኛ ቤዛሉ በ20 በመቶ ይቀነስለት ነበር። 15 የነበረው 12 ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ የሌሊት ተረኛዋ ርክክብ ላይ «ወርዶ ነበር፣ ተነሥቷል» ብላ ብቻ አትለፍ። በስንት ሰዓት እንደወረደ፣ ከዚያ በፊት የትኛው ኢንሱሊን በስንት ሰዓት እንደተወጋ፣ የመጨረሻው ምግብ ምን ያህል እንደተበላ ትናገር። ሐኪሙ መጠኑን ሊያስተካክል የሚችለው በእነዚህ ሦስት መልሶች ነው።

የዛሬዎቹ መመሪያዎች ስላይዲንግ ስኬል ብቻውን እንዳይሰጥ አጥብቀው ይመክራሉ። ጠባብ ቦታ የሚሰጡትም አሉ፤ ስኳሩ በጥቂቱ ብቻ ከፍ ላለና ኢንሱሊን ወስዶ ለማያውቅ ሰው ለጊዜው ማረሚያ ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ ስኳሩ ካልረጋ ግን ወደ ቋሚው መሻገር ይገባል። ሠንጠረዧ የተሠራችው ነርሷ የአንድ የመስታወት ቱቦ ቀለም አንባቢ በነበረችበት ዘመን ነው። ቀለሙን ካነበበች በኋላ የሚጠበቅባት መውጋት ብቻ ነበር። አዲሱ ዘዴ ግን ሰሐኑን፣ ኩላሊቱን፣ ያለፈውን መርፌና የሚመጣውን ሌሊት አብራ እንድታነብ ይጠይቃታል። ትእዛዙ በሐኪም እጅ ይጻፋል፤ የሌሊቱ 52 መምጣት አለመምጣቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ምሽት 12 ሰዓት ላይ፣ ስሪንጁን የያዘችው ነርስ «እራት በልተዋል?» ብላ በመጠየቋ ወይም ባለመጠየቋ ነው።